ሰሚት ያለ ጂ+1 ቤት፦ የአንድ ዓመት የክራክ ጌጅ ንባብ፣ የኔ ትርጓሜና ቀጣዩ እርምጃ (አስተያየት እፈልጋለሁ)

ሰብለ_ሲቪል | ኅዳር 2 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት በሚገኘው የአክስቴ ቤት ላይ ከጥቅምት 2016 እስከ ጥቅምት 2017 የስንጥቅ ንባብ ስይዝ ቆይቻለሁ። ውጤቱን ከነትርጓሜዬ ላስቀምጥና በአፈርና በመሠረት ሥራ ልምድ ያላችሁ እንድታዩልኝ ነው። እኔ ሲቪል ብሆንም ሥራዬ ፊኒሺንግ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ አክስቴ፣ ባሏና ሁለት ልጆች ይኖራሉ፤ ስለዚህ በግምት ተነስቼ «ምንም አይደል» ማለት አልፈልግም።

ቤቱ ጂ+1 ነው። ኮለንና ቢሙ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ከላይ ሶሌታ። አፈሩ እንደ አካባቢው ሁሉ ኮትቻ ነው፤ ፉቲንጎቹ ወደ ሁለት ሜትር ይወርዳሉ። በሦስት ስንጥቆች ላይ ጌጅ አስሬያለሁ። ያው የምታውቁት ሁለት ተደራራቢ ፕላስቲክ ነው፤ አንዱ ላይ በሚሊ የተሰመረ መረብ፣ ሌላው ላይ ቀይ መስቀል ያለበት። እሱ ግማሽ ሚሊ ያህል ብቻ ስለሚያሳይ ከጎኑ በስንጥቁ ግራና ቀኝ የብረት ፒን ተክዬ በካሊፐር እለካለሁ። ፒኖቹን ያሰርኩት ልስኑን ፍቄ ብሎኬቱ ላይ ነው። ደጋግሜ ስለካው ልዩነቱ 0.1 ሚሊ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከ0.2 በታች ያለ ለውጥ ለኔ ለውጥ አይደለም። ሁሉንም የማነበው በወሩ መጨረሻ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጌጅ 1 በምዕራብ በኩል ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ታች በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ላይ ነው። ጌጅ 2 በምሥራቅ በኩል ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱም ሰያፍ ነው፣ ከላይ ይሰፋል፣ ስጀምር 2 ሚሊ ነበር። ጌጅ 3 ፎቅ ላይ በሶሌታውና በብሎኬቱ መካከል ባለው አግድም ስንጥቅ ላይ ነው።

ከመነሻው ያለው ለውጥ በሚሊ (መደመር ማለት ተከፍቷል)፦

ወር — ጌጅ 1 — ጌጅ 2
ጥቅምት 2016 — 0 — 0
ታኅሣሥ — +0.6 — +0.4
የካቲት — +1.3 — +0.9
መጋቢት — +1.4 — +1.2
ሚያዝያ — +1.5 — +2.1
ግንቦት — +1.5 — +2.9
ሰኔ — +1.4 — +3.4
ነሐሴ — +0.4 — +3.7
መስከረም 2017 — +0.2 — +4.0
ጥቅምት 2017 — +0.1 — +4.1

ጌጅ 3 ዓመቱን ሙሉ በ0.3 ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል ከረመ። አንድ ቀን ጠዋትና ቀን 8 ሰዓት ላይ ለክቼው በአንድ ቀን ውስጥ 0.4 ልዩነት ስላሳየኝ የፀሐይ ሙቀት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ጌጅ 1 በበጋ ተከፍቶ በክረምት ተመልሷል። ዓመቱን ሲዘጋ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ ወቅታዊ ነው እላለሁ። የሚያስጨንቀኝ ጌጅ 2 ነው። እስከ የካቲት ከጌጅ 1 ጋር አብሮ ሄዶ ከዚያ ተለየ። መጋቢት አጋማሽ ላይ በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤት ለቤዝመንት መቆፈር ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ከሰኔ ወዲህ ፍጥነቱ ቀንሷል። በሚያዝያና በግንቦት በየወሩ 0.9 እና 0.8 ይሄድ የነበረው ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሁለት ወር 0.3 ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። እየቆመ ያለ ይመስላል። ይደፈን ወይስ ይጠበቅ?

---

ፎረማን_ዓለሙ | ኅዳር 2

እህቴ ሰብለ፣ ንባቡ ጥሩ ነው፤ እንዲህ በትዕግሥት የሚይዝ ሰው ብዙ አላየሁም። እኔ ሰሚትና ሲኤምሲ ላይ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ። ኮትቻ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በጋ ይሸሻል፣ ክረምት ያብጣል። ጌጅ 2 ያልተመለሰው ስንጥቁ በበጋ ሲከፈት የልስንና የብሎኬት ፍርፋሪ ውስጡ ስለሚገባ ነው። ክረምት ሲመጣ መዝጋት ይፈልጋል፣ ፍርፋሪው አያስዘጋውም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ሁሉ እንዲህ ነው። ፈልፍለሽ አጽጂውና ሽቦ መረብ መትተሽ በጥሩ ሲሚንቶ ድፈኚው። እኛ ድሮ ጀሶ ለጥፈን ቀን እንጽፍበት ነበር፤ ጀሶው ካልተሰነጠቀ ቆሟል ማለት ነው።

---

ሜሪ_ኮንዶ | ኅዳር 2

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ በር በላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ ቻክ አስመትቼ ቀለም አስቀባሁ፣ እንደገና ይወጣል። የትኛው ቀለም ነው ስንጥቅ የሚሸፍነው?

---

የመሠረት_ሰው | ኅዳር 3

ሰብለ፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው። ፒኑን ብሎኬቱ ላይ ማሰርሽና ሰዓቱን አለመቀያየርሽ ብቻ ብዙ ክርክር ይቆርጥልሻል። ግን «እየቆመ ነው» የሚለው መደምደሚያ ላይ አልስማማም። ቁጥሮችሽ ራሳቸው ሌላ ነገር እየተናገሩ ነው።

ጌጅ 2 ላይ ሁለት እንቅስቃሴዎች ተደርበዋል። አንዱ እንደ ጌጅ 1 በበጋ የሚከፍትና በክረምት የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው ከመጋቢት የጀመረው ነው። ክረምት ላይ የመጀመሪያው ስንጥቁን ወደ መዝጋት ሲጎትት ሁለተኛው ወደ መክፈት ይገፋዋል። አንቺ ያነበብሽው የሁለቱን ድምር ነው። ፍጥነቱ የቀነሰ የመሰለሽ ክረምቱ ስለሸፈነልሽ ነው።

እንለያቸው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ታኅሣሥ ላይ ጌጅ 1 0.6፣ ጌጅ 2 0.4 ነበር። የካቲት ላይ 1.3 እና 0.9። በሁለቱም ጊዜ ጌጅ 2 የጌጅ 1ን 0.7 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ የወቅቱ ድርሻ ጌጅ 2 ላይ «ጌጅ 1 ሲባዛ በ0.7» ነው እንበል። ይህን ከጌጅ 2 ስንቀንስ የሚተርፈው፦

ታኅሣሥ — 0
የካቲት — 0
መጋቢት — 0.2
ሚያዝያ — 1.1
ግንቦት — 1.9
ሰኔ — 2.4
ነሐሴ — 3.4
መስከረም — 3.9
ጥቅምት — 4.0

አሁን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን እዪው። ጥሬው ንባብ 0.3 ነበር፤ ወቅቱ ሲቀነስ 1.0 ነው። መስከረም ላይ ደግሞ 0.5 ጨምሯል። ክረምቱን በሙሉ በወር ግማሽ ሚሊ ያህል ሲሄድ ነበር። ቀነሰ ልንል የምንችለው ጥቅምትን ብቻ ነው። እሱም 0.1 ስለሆነ በራስሽ መለኪያ ስህተት ውስጥ ነው፤ በአንድ ንባብ «ቆመ» አይባልም።

ዓለሙ፣ ፍርፋሪው ያልከው እውነት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ፍርፋሪ ስንጥቅን እንዳይዘጋ ይከለክላል እንጂ አይከፍተውም። ጌጅ 2 ያልተመለሰ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንተ ማብራሪያ ይበቃ ነበር። ይኼ ግን ጌጅ 1 በ1 ሚሊ በተዘጋበት ወቅት እንኳን ተከፍቷል። በጀሶው ደግሞ መሰንጠቁን ታውቃለህ፤ በየት አቅጣጫ፣ በስንት፣ መቼ የሚለውን አይነግርህም። ይህ ቤት ላይ ጀሶ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ቦታ ተሰንጥቆ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር።

ሰብለ፣ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ቀዩ መስቀል ወደ ጎን ብቻ ነው የሄደው ወይስ ወደ ታችም? ጉድጓዱ ከቤቱ ስንት ሜትር ይርቃል፣ ጥልቀቱስ? የስንጥቁ ውስጥስ ምን ይመስላል፣ ትኩስ ነው ወይስ አቧራ የጠጣ?

---

ዳላስ_ያለሁ | ኅዳር 3

እኔ ያለሁት ቴክሳስ፣ ዳላስ ነው። እዚህም አፈሩ እንደ ኮትቻ የሚያብጥና የሚሸሽ ሸክላ ነው፤ ቤት ስትገዛ መጀመሪያ የሚነግሩህ ስለ መሠረቱ ነው። በበጋ አፈሩ ደርቆ ከቤቱ እንዳይሸሽ በቤቱ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ጎማ ዘርግተው ያጠጡታል። እኔም አደርገዋለሁ፣ በሮቼ መጋጨት አቁመዋል። ለምን እናንተም በበጋ ዙሪያውን አታጠጡትም? ርካሽ ነው።

---

ሰብለ_ሲቪል | ኅዳር 4

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እንዲህ ነጥዬ አላየሁትም ነበር፤ ስዕሉን እንደገና ሳወጣው ግልጽ ሆነ።

ቁልቁሉንም ይዣለሁ። ጌጅ 1 ላይ መስቀሉ ወደ ታች የሄደው ከግማሽ ሚሊ አይበልጥም፣ እሱም ተመልሷል። ጌጅ 2 ላይ የምሥራቁ ጎን 2 ሚሊ ያህል ወርዷል፤ መውረዱን መጀመሪያ ያየሁት ሚያዝያ ላይ ነው።

ጉድጓዱ ከቤቱ ግድግዳ 3 ሜትር ተኩል ይርቃል፣ ጥልቀቱ 6 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ቤዝመንት ነው የሚሉት። ግራና ቀኙ ያለ ምንም መደገፊያ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ክረምቱን ክፍት ከርሟል፤ ነሐሴ ላይ ውሃ አቁሮ ነበር። ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ በእኛ በኩል የቤዝመንቱን ግድግዳ ብረት እያሰሩ ነው።

የስንጥቁን ውስጥ ዛሬ በእጅ ባትሪ አየሁት። ጌጅ 1 ውስጡ ግራጫ ነው፣ አቧራና የሸረሪት ድር አለበት፤ ጠርዙ ዶልዱሟል። ጌጅ 2 ከላይ፣ ሰፊው ክፍል ላይ፣ የብሎኬቱ ስብራት ነጣ ያለና ሹል ነው። ጣቴን ሳስገባ ይቧጥጣል። ከታች ያለው ክፍል ላይ ደግሞ የድሮው አቧራ መሃል ላይ ቀርቶ በጎኑ አዲስ ስብራት ይታያል።

---

ብሎኬትና_ብረት | ኅዳር 4

በኮንትራክተርነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሁልጊዜ ጎረቤት ሲቆፍር ጣት ወደ ቆፋሪው ነው የሚቀሰረው። ሦስት ሜትር ተኩል እኮ ቅርብ አይደለም። ቤቱ ቀድሞም ስንጥቅ ነበረው፣ ራሷ 2 ሚሊ ነበር ብላለች። ወጥ ቤት ነው ደግሞ፤ ከሥሩ የሚፈስ ቱቦ ካለ አፈሩን ያረጥበዋል። ወይም ሴፕቲኩ። መጀመሪያ የራሳችሁን ቤት አጣሩ።

---

የመሠረት_ሰው | ኅዳር 5

ሦስቱን አስተያየቶች በየተራ ልመልስ።

ዳላስ ያለው ወንድማችን፣ ያልከው እዚያ ይሠራል። እዚያ ቤቱ መሬቱ ላይ በተኛ አንድ ኮንክሪት ላይ ነው የተቀመጠው፤ የሚፈሩትም የበጋውን መድረቅ ነው፣ እርጥበቱን ዓመቱን በሙሉ እኩል አድርጎ መያዝ ይቻላል። እኛ ዘንድ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ራሱ ያጠጣዋል፤ ስምንት ወር ያህል አጠጥቶ ከክረምቱ ጋር እኩል ማድረግ ለውሃም ለኪስም አይሆንም። ከሁሉም በላይ 6 ሜትር የተቆረጠ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ውሃ ማጠጣት አደጋ ነው። ሰብለ፣ በምሥራቅ በኩል አንድ ባልዲ እንኳን እንዳይደፋ።

የኮንትራክተሩ ጥያቄ ተገቢ ነው፣ መመለስም አለበት። ርቀቱን ብቻውን አንየው። የጉድጓዱ ወለል 6 ሜትር ላይ ነው፣ የቤቱ ፉቲንግ 2 ሜትር ላይ። በመካከላቸው 4 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። ከጉድጓዱ ሥር ተነስተህ በ45 ዲግሪ ወደ ቤቱ መስመር ብታሰምር በ2 ሜትር ጥልቀት ላይ ስትደርስ ከጉድጓዱ 4 ሜትር ርቀህ ነው። ፉቲንጉ 3.5 ላይ ነው። ስለዚህ መስመሩ ከፉቲንጉ ሥር ያልፋል፤ ፉቲንጉ ያረፈው ጉድጓዱ ድጋፉን በነሳው አፈር ላይ ነው። ይህ ግምታዊ ሕግ ነው፤ ኮትቻ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀሰው አፈር ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። ተቆርጦ የተጋለጠው አፈር በበጋ ከጎኑ ይደርቃል፣ ይሸሻል፤ በክረምት ውሃ ሲያቁር ከሥሩ ይለሰልሳል። ሁለቱም ወደ ጉድጓዱ ነው የሚጎትቱት። የምሥራቁ ጎን ወደ ጎን 4፣ ወደ ታች 2 መሄዱም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ተራ የኮትቻ መሸሽ ቢሆን ጌጅ 1 እንዳደረገው ይመለስ ነበር።

«ስንጥቁ ቀድሞም ነበር» ለሚለው መልሱ ንባቡ ነው። 2 ሚሊ እንደነበረ ማንም አይክድም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት አራት ወራት ግን ከወቅቱ ውጭ አንድም አልተንቀሳቀሰም፤ ለውጡ የጀመረው ቁፋሮው በተጀመረበት ወር ነው። ሰብለ ከቁፋሮው በፊት ጌጅ ባታስር ኖሮ ይህን ማለት አይቻልም ነበር።

ሆኖም ስለ ውሃው የተባለውን አልንቅም። የጊዜው መግጠም ጠንካራ ምልክት ቢሆንም በቁፋሮው ምክንያት የተሰበረ ቱቦ ራሱ ሁለተኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን አንብቡ፣ የሮቶው መሙያም ይዘጋ። ጠዋት ሳትከፍቱ እንደገና አንብቡ። ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ ይፈስሳል ማለት ነው። ፍሳሹን ግን ቆጣሪ አይነግራችሁም። ማንሆሉን ከፍታችሁ ወጥ ቤት ቀለም ያለው ውሃ ልቀቁና ምን ያህሉ እንደሚደርስ እዩ።

አሁን ወደ እርምጃው። ጌጅ 2ን አሁን መድፈን አይገባም። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ በጠንካራ ሲሚንቶ ወይም በኢፖክሲ ቢደፈን በዚያው ጎን ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል፣ መከታተያሽንም ታጫለሽ። ብሎኬት ግድግዳ ላይ ኢፖክሲ መክተት ገንዘብ መጣል ነው።

ይልቅ ንባቡን በየሳምንቱ አድርጊው፤ ምን እንደምትጠብቂም አስቀድመሽ ጻፊ። ጉድጓዱ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ቢያቆም እንኳን በጋው ስንጥቁን ይከፍተዋል። ጌጅ 1 ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ 0.6 ነበር፤ ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ ጌጅ 2 ከ4.0 ተነስቶ 4.4 ይደርሳል። ግንቦት ላይ 5 ያህል ይሆናል። ይህን ስታዪ አትደንግጪ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 5 ከሆነ ግን ጉድጓዱ አላቆመም። እኔ በራሴ ሥራ የምይዘው ወሰን፣ ወቅቱ ተቀንሶ በአንድ ሳምንት 0.5 ወይም በአንድ ወር 1 ሚሊ ከሄደ በዚያው ቀን መሐንዲስ ቦታው ላይ መገኘት አለበት፤ በዚያ በኩል ያሉት ክፍሎችም ይለቀቁ። ይህ የኔ ልምድ እንጂ ሕግ አይደለም።

አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል። ጌጅ የሚነግርሽ የስንጥቁ ሁለት ጎኖች እርስ በርስ ስንት እንደተራራቁ ብቻ ነው። ቤቱ እንዳለ ወደ ምሥራቅ ቢያዘነብል ጌጁ ዜሮ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ሰርቬየር አስመጥተሽ በአራቱም ማዕዘን ኮለኖች ላይ ምልክት አስተክዪና በሌቭል አስለኪ። መነሻው ከጉድጓዱ ራቅ ያለ፣ በኮትቻው የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፤ የቤቱ አጥር አይሆንም፣ እሱም አብሮ ይሄዳል። በምሥራቁ ኮለን ላይ ደግሞ ቱንቢ ጣዪ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ልስን ከግሬድ ቢሙ አጠገብ ፍቀሽ ቢሙንና የኮለኑን ሥር እዪ። እስካሁን ያለን የብሎኬት ስንጥቅ ነው። ኮንክሪቱ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ቢአርኢ የሚባለው የእንግሊዝ የሕንፃ ምርምር ተቋም በዳይጀስት 251 ላይ እስከ 5 ሚሊ ያለውን ከውስጥ የሚደፈን፣ ከ5 እስከ 15 ያለውን በር የሚያጣብቅና ቱቦ የሚሰብር ደረጃ ብሎ ይመድባል። የናንተ 2 ሲደመር 4.1 ነው፣ 6 ሚሊ፤ ወሰኑን አልፏል። ሰንጠረዡ የተሰራው ለእንግሊዝ ዝቅተኛ የግንብ ቤቶች ስለሆነ በቃሉ አልወስደውም። ደግሞም የጉዳቱን መጠን እንጂ እየሄደ መሆኑን አይናገርም። 6 ሚሊ ቆሞ ከሆነ ቀላል ጥገና ነው፤ እየሄደ ከሆነ አይደለም።

---

ፎረማን_ዓለሙ | ኅዳር 5

ጋሼ፣ የፍርፋሪውን ተቀብያለሁ። ጌጅ 1ንስ መቼ ይደፍኑት? እኔ ክረምት ሲያልፍ፣ ሲዘጋ ነው የምደፍነው።

---

የመሠረት_ሰው | ኅዳር 5

በጠባብነቱ ከደፈንከው በጋ ሲከፈት ድፍኑ ይላቀቃል። በሰፊነቱ በጠንካራ ሲሚንቶ ከደፈንከው ደግሞ ክረምት ላይ መዝጋት ሲፈልግ ሲሚንቶው ይከለክለውና ግድግዳውን ይገፋል። ያው ያንተ ፍርፋሪ ነው፣ በሰው እጅ የገባ። 1.5 ሚሊ የሚሄድ ስንጥቅ የሚፈልገው የሚለጠጥ ማስቲክ ነው፤ መሃል ላይ፣ ታኅሣሥ አካባቢ ቢገባ ወደ ሁለቱም ጎን ቦታ ያገኛል።

ግን መጀመሪያ ምክንያቱን ቀንስ። የምዕራቡን ማዕዘን የሚያወዛውዘው የዝናብ ውሃ ይመስለኛል። አሸንዳው የሚወርደው የት ነው? በግድግዳው ዙሪያስ ኮንክሪት ማረፊያ አለ? አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ማረፊያ የአፈሩን የእርጥበት ለውጥ ከፉቲንጉ ያርቀዋል። ባህር ዛፍ ካለም ንገሩን።

---

ሜሪ_ኮንዶ | ኅዳር 6

የኔን ማንም አልመለሰልኝም። የኔም ሊወድቅ ነው ማለት ነው? አሁን ፈራሁ።

---

ሰብለ_ሲቪል | ኅዳር 6

ሜሪ፣ አይዞሽ። ከበር በላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ብሎኬቱና የበሩ ቢም የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ሁለቱ በሙቀትና በድርቀት እኩል አይሄዱም። ቀለም አይሸፍነውም። ቻኩን ገልጠሽ በመገናኛው ላይ የፋይበር መረብ አስለጥፊና እንደገና አስመቺ። በሩ መጋጨት ከጀመረ ወይም ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን ሰው አሳዪ።

ጋሼ፣ በምዕራብ በኩል አሸንዳው ቀጥታ ማዕዘኑ ሥር ነው የሚያፈስሰው፤ ማረፊያም የለም፣ ሣር ነው። ባህር ዛፍ የለም። ቱቦ ቀጥለን ውሃውን ወደ መንገዱ ቦይ ልናወጣው ነው።

---

ሰብለ_ሲቪል | ኅዳር 30

የደረስኩበትን ላሳውቅ።

ቆጣሪው ሌሊቱን አልተንቀሳቀሰም፤ የንጹሕ ውሃ መስመሩ ደህና ነው። የፍሳሽ ሙከራው ግልጽ አልሆነም። ቀለሙ ማንሆሉ ላይ ደርሷል፣ ግን የለቀቅነው ሁሉ መድረሱን ማረጋገጥ አልቻልንም። ሴፕቲኩ በሰሜን በኩል ስለሆነ ከጌጅ 2 ይርቃል።

ልስኑን ፍቀን ግሬድ ቢሙን አየን፤ ኮንክሪቱ ላይ ስንጥቅ አላገኘንም። ሰርቬየሩ የመጀመሪያውን ኅዳር 7፣ ሁለተኛውን ትናንት ለካ። ሦስቱ ኮለኖች አልተንቀሳቀሱም፣ የደቡብ ምሥራቁ 1 ሚሊ ወርዷል። ሰርቬየሩ የመሣሪያው ስህተትም 1 ሚሊ ያህል ስለሆነ በዚህ ላይ አልፈርምም ብሎኛል።

የዛሬው ንባብ፦ ጌጅ 1 +0.4፣ ጌጅ 2 +4.6።

ለጎረቤት ግንባታ በደብዳቤ አሳውቀናል፣ ለወረዳውም ግልባጭ ሰጥተናል። የተሰጠን መልስ «ቤታችሁ አሮጌ ነው» የሚል ነው። በእኛ በኩል ግድግዳው ግማሽ ድረስ ተሞልቷል፤ ከኋላው ያለውን ክፍተት ግን ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር አፈር መልሰው እየሞሉበት ነው።

---

የመሠረት_ሰው | ታኅሣሥ 1

ስሌቱን ሥሪው። ጌጅ 1 0.4 ከሆነ የወቅቱ ድርሻ 0.3 ያህል ነው። ከ4.6 ሲቀነስ 4.3 ይቀራል። ጥቅምት መጨረሻ 4.0 ነበር። ስለዚህ በወር 0.3፤ ከመለኪያሽ ስህተት በጥቂቱ ይበልጣል። ከክረምቱ ቀንሷል፣ ግን ቆሟል አልልም። የኮለኑ 1 ሚሊ ብቻውን ምንም ባይሆንም ጌጁ ከሚለው ጋር አቅጣጫው አንድ ነው። ሦስተኛውን ልኬት በጥር አስደግሚ።

ስለ መሙያው ዛሬውኑ ድጋሚ ጻፉ። ከግድግዳው ኋላ ጥቁር አፈር መመለስ ማለት በሚመጣው ክረምት አብጦ አዲሱን ግድግዳ መግፋት፣ በበጋ ሸሽቶ ከናንተ ፉቲንግ ሥር ቦታ መልቀቅ ነው። ገረጋንቲ ይሁን፣ በ20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ ይጠቅጠቅ። ለእነሱም የሚጠቅም ነው፤ ግድግዳቸው ነው የሚገፋው። በደብዳቤው ላይ የጌጁን ሰንጠረዥ፣ ቀን ያለበት ፎቶና ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን የቁፋሮ በፊት ንባብ አያይዙ። ከወረዳ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ክፍለ ከተማው ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ውሰዱት፤ በማኅተም ተቀብለዋል የሚል ቅጂ ያዙ።

---

ብሎኬትና_ብረት | ታኅሣሥ 1

በጥቁር አፈር መሙላቱን እኔም አልደግፍም፣ ስህተት ነው። ጉድጓዱ ብቻውን ነው ያመጣው በሚለው ግን አሁንም አልተሸነፍኩም። የፍሳሹ ነገር አልተዘጋም። ያንን ሳያጣሩ ክስ ውስጥ ቢገቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።

---

ሰብለ_ሲቪል | ታኅሣሥ 2

የወጥ ቤቱን ፍሳሽ መስመር ቅዳሜ ቆፍረን እናየዋለን፤ ከጉድጓዱ በራቀው ጫፍ ጀምረን በእጅ ነው የምንቆፍረው። ልጆቹ የሚተኙበት የምሥራቁ ክፍል ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው፤ አክስቴ ስላልወደደችው ብንከራከርም እዚያ እንዲያድሩ አልፈቀድኩም። የታኅሣሥ መጨረሻ ንባብን እዚሁ አስቀምጣለሁ።